የአርባ ሳንቲሜትር መነጽር

ሐምሌ 9 ቀን

ለልጅ ልጄ፣ ለጉንዳኗ፤

ሰላምታዬ ከነግልምጫው ይድረስሽ። ጤናሽን ያብዛልሽ፣ ጉልበትሽን ያጽናልሽ፣ ከሰነፍ አለቃም ይሰውርሽ። እኔ ደህና ነኝ። ጉልበቴ ደረጃ ባየ ቁጥር ያለቃቅሳል እንጂ ሌላው ሁሉ በቦታው አለ። ዓይኔንማ ተይው! ከሱቄ ደጃፍ ቁጭ ብዬ ማዶ ያለውን የባንክ ሰዓት፣ ቀጭኗን የሰከንድ ቆጣሪ ሳይቀር አነባለሁ። እኩዮቼ አፍንጫቸው ላይ ጠርሙስ ጭነው ሲደናበሩ ሳይ ሳቄ ይመጣል። ጫማ ሰፊው ትናንት መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰክቶ «መነጽሬን ማን ወሰደው?» እያለ ቀኑን ሙሉ ሱቁን ሲያምስ ዋለ። እንዲህ ከመሆን ይሰውረኝ።

አጎትሽ፣ ይቅርታ፣ «ማናጀሩ»፣ ከተማውን ፕላስቲክ እያለበሰው ነው። ዝናብ ሲመታው ይላጣል፣ ፀሐይ ሲያየው ይነጣል፣ ነፋስ ሲነካው ይንጣጣል፤ እሱ ግን «ባነር» ይለዋል። ፊደሉን ኮምፒውተር ይመርጥለታል፣ እሱ ቁልፍ ይጫናል። ከእኔ አብራክ ወጥቶ ብሩሽ በየት በኩል እንደሚያዝ የማያውቅ ልጅ! አሁን ደግሞ «አባባ፣ አርጅተዋል፣ ሱቁን ይልቀቁልኝና ሁለተኛ ማሽን ላስገባ» ይለኛል። የልጅ ልጄ መጥታ ትረከበኛለች አልኩት። «እስቲ እናያለን» ብሎ ሄደ። አነጋገሩ እንኳ ፕላስቲክ ነው።

ያልኩሽን አልረሳሁም። ሦስት መስመር በቀጭን ብዕር፣ ፊደሉ ከስንዴ ፍሬ ሳይበልጥ ጽፈሽ ላኪ፤ ካለፍሽ ሱቁም፣ ብሩሹም፣ መሰላሉም ያንቺ ነው ብያለሁ። በትንሹ ያልተካነ በትልቁ ይቀባጥራል። ታፔላ ሁሉ መጀመሪያ በወረቀት ላይ በትንሹ ይነደፋልና።

የላክሽው ደርሶኛል። «የልብስ ስፌት፣ የጫማ ጥገና፣ የሰዓት እድሳት።» ፍርዴ ይኸውልሽ። የ«ሰ» እግሮች እኩል አይደሉም፣ አንዱ ያነክሳል። መስመርሽ ወደ ቀኝ ይወርዳል። ክፍተትሽም የተጣሉ ጎረቤታሞች ይመስል አንዱ ካንዱ ሸሽቷል። ወድቀሻል። አትቀየሚኝ፤ ቀለም ዘመድ አያውቅም።

አያትሽ፣ ታፔላ ጸሐፊው


ነሐሴ 3 ቀን

ለተከበሩ አያቴ፣ ለአባባ፤

ከእግርዎ በታች ሆኜ ሰላምታዬን አቀርባለሁ። ዕድሜዎን ያርዝምልኝ፣ ምላስዎንም ትንሽ ያሳጥርልኝ። እኔ ደህና ነኝ፤ የልብስ ንጽሕና መስጫው ሙቀት ብቻ ነው የሚያሰቃየኝ። የሆቴል አንሶላ ነው የምንተኩሰው፣ በቀን በሺህ የሚቆጠር። ሁለት የጋሉ የብረት በርሜሎች እየተሽከረከሩ ይውጡታል፤ እኔ እርጥቡን አንሶላ በሁለት እጄ ጠርዙን ይዤ አጎርሳለሁ፣ በወዲያ በኩል ደርቆ ይወጣል። አለቃችን ሥራ አይሠራም፣ ሰዓት ይዞ ከኋላችን ይመላለሳል። «ሰዓት ቆጣሪው» ብለነዋል። ሽንት ቤት ስንሄድ ደቂቃ የሚቆጥር ሰው ነው፤ ከዚያ የሚበልጥ ነገር እግዜርም አልሰጠው።

አባባ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት። መስመሩን እንደገና ይዩልኝ። የ«ሰ»ን እግሮች በማስመሪያ ለክቻቸዋለሁ፣ እኩል ናቸው። ከሥር በእርሳስ መስመር አስምሬ ነው የጻፍኩት፣ እንዴት ይወርዳል? ሦስት እሑድ ፈጅቶብኛል። የሥራ ውሌ በመስከረም አጋማሽ ያልቃል፤ «አልፈሻል» ቢሉኝ ኖሮ ሻንጣዬን አስሬ ነበር። ወድቀሻል ካሉኝ ለስድስት ወር መፈረሜ ነው፤ ያለ ሱቅ መጥቼ የአጎቴን ፕላስቲክ ልጠቀልልለት አልችልም።

መልስዎን እጠብቃለሁ።

ልጅዎ


መስከረም 1 ቀን

ለጉንዳኗ፤

ሰላም ይብዛልሽ፣ ትዕግሥትም ይጨመርልሽ፣ እሱ ያንሰሻልና። አንዴ የተባለ ተባለ። ዳኛ ፍርዱን እየመለሰ ሲያይ የሚኖር ከሆነ ፍርድ ቤቱ ይዘጋ። እኔ ስንት ዓመት ፊደል ያየሁ ሰው ነኝ፣ በማስመሪያ ልታስተምሪኝ ነው? ፈርሚና ተለማመጂ። ስድስት ወር ምን አላት!

ደግሞም የእጅ ጽሑፌ ተበላሸ ብለሽ እንዳታላግጪ፣ ወረቀቱ መጥፎ ነው።

ማናጀሩ እስከ ሚያዝያ መግቢያ ቁርጡን ንገሩኝ ብሏል። ማሽኑን አዝዟል መሰለኝ። ይባስ ብሎ አንድ ግራኝ ሠራተኛ ቀጥሮልሻል! በግራ እጁ ፊርማ ሲፈርም አየሁትና ፊቴን አዞርኩ። የእኔን ደጃፍ ግራኝ ረግጦት አያውቅም። አንቺንም በስድስት ዓመትሽ ግራ እጅሽን በጨርቅ ጠቅልዬ በቀኝ ባላስጽፍሽ ኖሮ ዛሬ እሱን ነበር የምትመስዪው። እሱንም አላመሰገንሽኝም።

የጭራ ብሩሽ ሁለት ቁጥርና አራት ቁጥር ካገኘሽ ላኪልኝ።

አያትሽ


ኅዳር 20 ቀን

ለአባባ፤

እንደምን ሰነበቱ? ጤናዎ ይብዛ። ለምን ዘገየሽ አይበሉኝ፣ ሥራ ነበር። ብሩሹን ማግኘት አልቻልኩም። ሁለተኛውን ሦስት መስመር ከዚህ ጋር ልኬያለሁ። ብዕር ቀይሬያለሁ። በደንብ ይዩልኝ።

ልጅዎ


ታኅሣሥ 14 ቀን

ለጉንዳኗ፤

ከሁለት ወር ተኩል በኋላ አምስት መስመር ደብዳቤ! ለመብራት ኃይል እንኳ ከዚህ የረዘመ ይጻፋል። ቢሆንም ሰላም ሁኚልኝ፣ በረከቴ ካለሽበት ድረስ ይከተልሽ። የሰላምታውን ዕዳ አንቺ ብትረሺውም እኔ አልረሳውም።

መስመሮችሽን አየሁ። ያው ነሽ። የ«ሰ» እግሮች እኩል አይደሉም፣ አንዱ ያነክሳል። መስመሩ ወደ ቀኝ ይወርዳል። ክፍተቱ አሁንም የተጣላ ነው። አራት ወር ሙሉ ምን ስትሠሪ ነበር? እኔ ላንቺ ብዬ ከገዛ ልጄ ጋር ዓይንና ናጫ ሆኛለሁ፣ አንቺ እዚያ ተቀምጠሽ ታዘግሚያለሽ። ወድቀሻል። አንድ ዕድል ቀርቶሻል። ሦስተኛው ካልሆነ ቁልፉን ለማናጀሩ ሰጥቼ እቤቴ እተኛለሁ፣ እናንተም ፕላስቲክ ስታንጣጡ ትኖራላችሁ።

አያትሽ


ጥር 6 ቀን

ለተወደዱት አያቴ፣ ለዓይነ ብርሃኑ አባባ፤

የሰማይ ኮከብ የሚቆጥሩበት ዓይንዎ አይድከም፣ ፍርድዎም አይጉደል። ምክርዎን ተቀብያለሁ። ልክ ነዎት፣ እኔ ነኝ ሰነፏ። ሦስተኛውንና የመጨረሻውን ፈተና ልኬያለሁ፣ ሦስት መስመር በቀጭን ብዕር፣ እንደ ሕግዎ። በተለይ ሦስተኛውን መስመር አተኩረው እንዲያዩልኝ በትሕትና እለምናለሁ። የ«ሰ»ን እግሮች አይርሷቸው።

ታዛዥ ልጅዎ


ጥር 27 ቀን

ለጉንዳኗ፤

ይኼ ነው ደብዳቤ! ሰው ሲገሠጽ እንዲህ ይታረማል። እግዜር ልቦናሽን ጨርሶ ይመልስልሽ።

ሦስተኛውን መስመር እንዳልሽው አተኩሬ አየሁት። መቼም አልዋሽሽም፣ ትንሽ ተሻሽለሻል። የ«ሰ» እግሮች ግን አሁንም አንዱ ያነክሳል። እኔ የሚያነክስ ፊደል ታፔላ ላይ አልሰቅልም። በጣም አዝናለሁ፣ ወድቀሻል። ለማናጀሩ በሚያዝያ መግቢያ ቁልፉን እሰጠዋለሁ። አጥብቄ ያዝኩሽ፣ አንቺ አልያዝ አልሽ።

አያትሽ


የካቲት 18 ቀን

ለአባባ፤

ሰላምታውን ዛሬ ልዝለለው፣ በረከቱም ይቆየኝ።

ሦስተኛው መስመር ላይ «ሰ» የሚባል ፊደል የለም። አንድም የለም። «የሰዓት እድሳት»ን ትቼ ሌላ ነገር ነው የጻፍኩት። ሌሎቹም ሁለት መስመሮች «ሰ» የለባቸውም። እርስዎ የሌለ ፊደል እግሩ አነከሰ ብለው ጣሉኝ!

ሲጀመር አንድ ዓይነት ስህተት፣ በአንድ ዓይነት ቃል፣ ሁለት ጊዜ ሲጽፉልኝ ነው የጠረጠርኩት። ከዚያ ደብዳቤዎችዎን አወጣሁ። መስመሮችዎ እርስ በርስ ተሳፍረዋል፣ አንዱ ቃል ሌላው ላይ ተቀምጧል፣ ታች ጥግ ላይ ወረቀቱ አልቆብዎት ጠረጴዛው ላይ የጨረሱት ቃልም አለ፣ ግማሹ እኔ ጋ ደርሷል። ወረቀቱ ነው መጥፎው አይደል? ውሸታም! አክብሬዎት ነው «ውሸታም» የምልዎት፤ ንቄዎት ቢሆን ዝም እልዎት ነበር።

ማየት አይችሉም፣ አባባ። ማዶ ያለውን ሰዓት ማንበብ ሌላ፣ እጅ ላይ ያለውን ማንበብ ሌላ ነው። ይህን ጫማ ሰፊው ያውቃል፣ ሰዓት ቆጣሪው አለቃዬ እንኳ ያውቃል፣ ያ ደንቆሮ! እርስዎ ብቻ ኩራትዎን ተደግፈው ሰው ላይ ይፈርዳሉ። እኔ ደግሞ በእርስዎ ፍርድ ነው እዚህ የቀረሁት።

መነጽር ቤት ይሂዱ። ከገበያ ላይ ዝግጁውን አንስተው እንዳይመጡ፣ ተለክተው ይሥሩ። ከዚያ ሦስቱንም ፈተናዎቼን ያውጡና ያንብቡ። ከዚያ ወዲያ ቁልፉን ለፈለጉት ይስጡ፣ አልቃወምም። ሳያዩኝ ግን አይጣሉኝ።

ልጅዎ


መጋቢት 15 ቀን

ለልጅ ልጄ፤

ሰላም ለአንቺ ይሁን። ለእኔ አይገባኝም።

ደብዳቤሽ እንደደረሰኝ ሁለት ቀን ተቆጣሁ፣ አንድ ቀን አኮረፍኩ፣ በአራተኛው መነጽር ቤት ሄድኩ። ማንም እንዳያየኝ ሁለት መንገድ አልፌ ሌላ ሰፈር ያለው ጋ። ባለሙያዋ ያንቺ እኩያ ናት፣ ነጭ ጋዋን ለብሳ ማስቲካ ታኝካለች። ገና ስገባ ናቅኋት። እሷም ናቀችኝ፣ ግን በሥርዓት።

መጀመሪያ ግድግዳው ላይ ያለውን ሰሌዳ ያንብቡ አለችኝ፣ አንዱን ዓይኔን በጥቁር ክዳን ሸፍና። ከላይ እስከ ታች፣ ከሁሉም የደቀቀችውን ረድፍ ሳይቀር ወረድኩት። በሌላኛውም ዓይን እንዲሁ። «አየሽ?» አልኳት። «አየሁ» አለችና ትንሽ ካርድ እጄ ላይ አስቀመጠች። ከላዩ ያለውን ትልቁን ጽሑፍ አነበብኩ። ሁለተኛው ላይ ካርዱን ገፋሁት። ሦስተኛው ላይ እጄ አለቀ። ክርኔ ቀጥ ብሎ፣ አንገቴ ወደ ኋላ ሄዶ፣ ወንበሩ ሊገለበጥ! «አባቴ፣ ካርዱን ለጎረቤት እናስይዘው?» አለችኝ።

በሽታ አይደለም አለችኝ። ዓይን ውስጥ አንዲት ሌንስ አለች፣ ቅርብ ስናይ ወፈር ትላለች፣ ሩቅ ስናይ ትሳሳለች። ሰው ሲያረጅ ትደነድናለች፣ መወፈር እምቢ ትላለች። ስለዚህ ሩቁ እንዳለ ይኖራል፣ ቅርቡ ይሄዳል። ከአርባ ዓመት ጀምሮ የማይደርስበት የለም። «ስንት ዓመትዎ ነው?» ሰባ ሦስት አልኳት። «ሠላሳ ዓመት ዘግይተዋል» አለችና ማስቲካዋን ቀጠለች።

ከዚያ ክብ ክብ የብረት ክፈፍ አፍንጫዬ ላይ ሰቀለች፣ ሌንስ እየከተተች እያወጣች። በፕላስ አንድ ካርዱ ጉም ነው። በአንድ ተኩል ጉሙ ሳሳ። በሁለት ፊደል መሆኑ ተለየ። ሁለት ነጥብ አምስት ስትከት፣ ልጄ፣ ፊደሎቹ ከወረቀቱ ተነሥተው ቆሙ። ጠርዝ አላቸው! እኔ ጠርዝ የሚባል ነገር ለካ ከረሳሁት ዓመታት አልፈዋል። ሦስት ስትከት ደግሞ ካርዱን አፍንጫዬ ሥር ካላመጣሁ አልታይ አለኝ፤ «ይኼ በዛ» ብላ መለሰችው። ምን ያህል ርቀት ላይ ያነባሉ አለችኝ፣ በማስመሪያ ከዓይኔ እስከ ካርዱ ለካች፤ አርባ ሳንቲሜትር። ከብሌን እስከ ብሌንም ለካች፣ የሌንሱ መሐል ከብሌኔ ፊት እንዲውል። በመጨረሻ ብርሃን አብርታ ዓይኔ ውስጥ አየች፤ ግራው ላይ ጉም ነገር መጀመሩን ነግራኝ ሐኪም ቤት እንድታይ ወረቀት ጻፈችልኝ። ማስቲካ የምታኝክ ሰው ይህን ሁሉ ታውቃለች ብሎ ማን ይጠረጥራል? የናቅኳትን ያህል አፈርኩ።

ከሦስት ቀን በኋላ መነጽሩን ሰጠችኝ። አድርጌ ቀና ስል መንገዱ ጠፋ! ሰው፣ መኪና፣ ሰማይ፣ ሁሉም አንድ ላይ ሾርባ ሆነ። «አታለልሽኝ!» ብዬ ጮህኩ። «ለማንበብ ብቻ ነው፣ ሲሄዱ ያውልቁት» አለች። እኔ ግን ኩራቴ ደርቦ አላወልቅም አልኩና የሱቋ ደረጃ ወደ ላይ የመጣ መስሎኝ እግሬን አየር ላይ አነሣሁ። በግንባሬ ከመደፋት ያዳነችኝ ማስቲካ አኛኳ ናት።

ሱቅ ገብቼ በሩን ዘጋሁ፣ መስኮቱን ከፈትኩ፣ ደብዳቤዎችሽን በቀናቸው ጠረጴዛው ላይ ደረደርኩ። ሦስተኛውን ፈተና ነው መጀመሪያ ያነሣሁት፣ ስድብ የጻፍሽበትን። «አያቴ አያዩም፣ ይኮራሉ ብቻ።» በስንዴ ፍሬ ቁመት። ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ስድቡ ትክክል ነው፣ አጻጻፉም ትክክል ነው።

አሁን የምነግርሽ ይከብደኛል። ደብዳቤዎችሽን ሳነብ የኖርኩት እኩለ ቀን ላይ፣ ፀሐይ ላይ ቆሜ፣ ወረቀቱን እስከ እጄ ጫፍ ዘርግቼ ነው። ደብዳቤውን በወፍራም ብዕር ስለምትጽፊው ግማሹን አያለሁ፣ ግማሹን እገምታለሁ። የፈተናው መስመር ግን ለእኔ የጠፋ ጭረት ነበር። እግር ይኑረው ክንፍ አላውቅም። ታዲያ ምን ብዬ ፈረድኩ? ተማሪ ሁሉ የሚሳሳተው እነዚያን ሦስቱን ነው፣ እሷም አይቀርላትም ብዬ። ነው ያልኩሽ ሁሉ ግምት ነው።

የሐምሌውን መስመር አወጣሁ። ኮምፓስ አምጥቼ የ«ሰ»ን ሁለት እግር ለካሁ። እኩል ናቸው። የመስመሩን መነሻና መድረሻ ከወረቀቱ ጠርዝ ለካሁ። እኩል ነው። ክፍተቱን ለካሁ። ልጄ፣ ምንም የለውም! እኔ በጉልምስናዬ እንዲህ አልጻፍኩም። አልፈሽ ነበር። በሐምሌ አልፈሽ ነበር።

ከዚያ የኅዳሩን አወጣሁና ብርሃን ላይ ያዝኩት። የፊደሉ ቅርጽ ያንቺ ነው፣ አወራረዱ ግን ያንቺ አይደለም። የጋድሙ ጭረት ቀለም የሚጠራቀመው ብዕሩ መጀመሪያ ያረፈበት ላይ ነው፤ በሐምሌው በግራ ጫፍ ነው፣ በኅዳሩ በቀኝ ጫፍ። ፊደሎቹ ወደ ኋላ ተንጋለዋል። ከየቃሉም ኋላ ጥላ የመሰለ ቀለም ወደ ቀኝ ተጎትቷል፣ ያልደረቀ ቀለም ላይ እጅ ሲያልፍበት እንደሚሆነው። በቀኝ የሚጽፍ ሰው እጁ ከጽሑፉ ቀድሞ ነው የሚሄደው፣ አያጠፋውም። ይህን የጻፈው ግራ እጅ ነው። የጥር ወሩም እንደዚያው።

ቀኝ እጅሽ የት ሄደ? ምን ሆንሽብኝ? እውነቱን ጻፊልኝ፣ አትቀባቢልኝ። አሁን ማየት እችላለሁ።

አያትሽ


ሚያዝያ 4 ቀን

ለአባባ፤

እንኳን ዓይንዎ በራ። ከልቤ ነው።

መስከረም መጨረሻ ላይ ነው። በርሜሎቹ ፊት እጅ እንዳይገባ የሚከለክል ብረት ነበር፤ አንሶላው ሲነካው ማሽኑ ስለሚቆም ሰዓት ቆጣሪው አስነቅሎታል። የአንድ አንሶላ ጠርዝ ተጣጠፈብኝ፣ ላቃናው ስል ጨርቁ ጣቴን ይዞ ገባ። ጓደኛዬ ማቆሚያውን ባትመታው ክንዴም አይቀርም ነበር። ቀኝ እጄ ተቃጥሎ ተጨፍልቋል። ከጭኔ ቆዳ አንሥተው ለጥፈውልኛል። አመልካች ጣቴ አይታጠፍም፣ አውራ ጣቴ ብዕር አይጨብጥም። ሰዓት ቆጣሪው ሆስፒታል መጥቶ «ለምን አልተጠነቀቅሽም?» አለኝ። ፊቱ ላይ ልተፋ ብዬ አፌ ደርቆ ነበር።

ሁለት ወር ገደማ ግራ እጄን አስለመድኩ። እርስዎ በጨርቅ የጠቀለሉት እጅ፣ አባባ፣ አልረሳም ነበር። ቶሎ መጣልኝ። ግን ለእርስዎ እንዴት ብዬ እነግርዎታለሁ? ደጃፌን ግራኝ አልረገጠውም ብለው የጻፉት ደብዳቤ ትራሴ ሥር ነበር።

እና አንድ ነገር ልንገርዎ፣ እንዳልተኛ የሚያደርገኝን። ሐምሌ ላይ «አልፈሻል» ቢሉኝ ኖሮ መስከረም ላይ ሱቅዎ ውስጥ ነበርኩ። አልረግምዎትም። ግን አልዋሽዎትምም፣ በጣም ተናድጃለሁ። ማሽኑ አይደለም የሚያናድደኝ፣ ማሽን ዓይን የለውም።

ውሌ አልቋል፣ የጉዳቱም ወረቀት ተጨርሷል። ግንቦት 8 እደርሳለሁ። የት እንደማርፍ አላውቅም። አጎቴ ደውሎልኝ «አያትሽ ሦስት ጊዜ ጥለውሻል፣ እኔ ጋ ባነር ትጠቀልያለሽ» ብሎ ስቋል። ሰው ሁሉ የሚያውቀው እኔ ሦስት ጊዜ እንደወደቅሁ ነው። እርስዎ ለእኔ በደብዳቤ «አልፈሽ ነበር» ቢሉኝ ምን ይጠቅመኛል? ለእሱ ይንገሩት። በራስዎ አፍ፣ ሰው ባለበት። ያን ካደረጉ እመጣለሁ። ካላደረጉ በዚያ መንገድ አላልፍም።

ልጅዎ


ሚያዝያ 26 ቀን

ለልጅ ልጄ፤

እግዜር እጅሽን ያሽርልሽ፣ የኔንም ኃጢአት እጅሽ ላይ አይጻፈው። ደብዳቤሽን በአርባ ሳንቲሜትር አንብቤ አለቀስኩ። መነጽር አድርጎ ማልቀስ ለካ የማይመች ነገር ነው፤ ሌንሱ ይጨማለቃል፣ በሸሚዝ ስጠርገው ተጫረ። ማስቲካ አኛኳ ጋ ሄጄ ተሰደብኩ። ለስላሳ ጨርቅ ሰጠችኝ።

የሥራ ጠረጴዛውን ወደ ወዲያኛው ግድግዳ አዞርኩት። በግራ ለሚጽፍ ሰው ብርሃን በቀኝ በኩል መግባት አለበት፣ አለበለዚያ የእጁ ጥላ ፊደሉ ላይ ይወድቃል። ይህን ለማወቅ ግማሽ ቀን ግራ እጄን ይዤ ቆምኩ፣ እኔ የታፔላ አባት! ብሩሽ ማስቀመጫውንም አዛውሬያለሁ። ቁልፉ እኔ ጋ ነው፣ ለማንም አልሰጠሁም።

አሁን ወደ ጠየቅሽው ልምጣ። ትናንት ጠዋት መንገዱን ተሻግሬ ማናጀሩ ሱቅ ገባሁ። ሰባት ደንበኞች ነበሩ፣ ግራኙ ሠራተኛም፣ ጫማ ሰፊውም የስም ካርድ ሊያሳትም መጥቶ ነበር። መነጽሬን እንዳደረግሁ ነው የገባሁት፣ ሁሉም አዩት። «ልጅቱ በመጀመሪያው ፈተና አልፋ ነበር። ሦስት ጊዜ የጣልኳት ማየት ስለማልችል ነው። ያልታየኝን ታየኝ ብዬ ነው» አልኩ። ማሽኑ እየጮኸ ስለነበር ማናጀሩ አልሰማሁም አለ። ሰምቷል፣ ልጄ አይደል፣ አውቀዋለሁ። ማሽኑን አጥፍቶ እንደገና በሉት አለኝ።

ደገምኩለት።

አያትሽ